ካቶ ካትዝ፦ የሁክዎርም እንቁላል ከስላይዱ ሳይጠፋ እንዴት ይቆጠራል?

«ጠዋት ያየሁት ሁክዎርም ከሰዓት በኋላ የት ገባ?» ይህን ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም አዳዲስ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጡበታል፦ «ሁለታችን አንድ ሰገራ አየን፤ እኔ ሁክዎርም አለ አልኩ፣ እሷ የለም አለች። ማነው የተሳሳተው?» ብዙ ጊዜ ከሁለቱም የተሳሳተ የለም። ስላይዱን ያዩት በተለያየ ሰዓት ነው።

የካቶ ካትዝ ስላይድ እንደ ተራ የሰገራ ምርመራ ዝም ብሎ አይጠብቃችሁም። ሴሎፌኑ የተነከረበት ግሊሰሪን ወደ ሰገራው ይገባና ወፍራሙን ሰገራ ቀስ በቀስ ብርሃን የሚያሳልፍ ያደርገዋል፤ እንቁላሎቹ የሚታዩትም በዚህ ነው። ነገር ግን ያው ግሊሰሪን ስስ ቅርፊት ያለውን የሁክዎርም እንቁላልም ያጠራዋል፣ ያሟሟዋል። የወስፋት፣ የትሪኩሪስና የአንጀት ቢልሃርዝያ እንቁላሎች ቅርፊታቸው ጠንካራ ስለሆነ ይቆያሉ። ስለዚህ አንድ ስላይድ ሁለት የንባብ ሰዓት አለው፤ ከታች ያለው መመሪያ በሙሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 41.7 ሚሊግራም ሰገራ የሚይዝ ቴምፕሌት (ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት)
- የናይለን ወይም የብረት ወንፊት
- የፕላስቲክ ስፓቱላ
- 25 በ 30 ወይም 25 በ 35 ሚሊሜትር ሆኖ የተቆረጠ፣ ውሃ የሚስብ ሴሎፌን
- ግሊሰሪን፣ የተጣራ ውሃ፣ ማላካይት ግሪን (ከሌለ ሜቲሊን ብሉ)
- ስላይዶች፣ የማይለቅ እስክሪብቶ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሶፍት
- ክዳን ያለው የሰገራ ዕቃ፣ የበረዶ ሳጥን
- ጓንት፣ ጋዋን፣ በረኪና፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና
- ማይክሮስኮፕና በእጅ የሚጫን መቁጠሪያ
- በሁሉም ሰው ፊት የሚታይ የግድግዳ ሰዓት

የመጨረሻውን ለማሟያ ያህል አልጻፍኩትም። ሰዓት በሌለበት ክፍል ካቶ ካትዝ አትጀምሩ።

አሠራር

1. ሴሎፌኑን ከአንድ ቀን በፊት ንከሩ። 100 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ከ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ 3 በመቶ ከሆነው የማላካይት ግሪን ውህድ 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩበት። የተቆረጡትን ሴሎፌኖች አንድ በአንድ አስገቡ። በክምር ከገቡ መሃል ያሉት ሳይርሱ ይቀራሉ። ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆዩ። ቀለሙ የጀርባውን ብርሃን አለዝቦ ዓይናችሁን ያሳርፋል፤ ሰገራውን የሚያጠራው ግን ግሊሰሪኑ ነው። ቀለም የለም ብላችሁ ሥራ አታቁሙ፣ ግሊሰሪን ከሌለ ግን አትጀምሩ።

2. ሰገራው ትኩስ መሆኑን አረጋግጡ። ዕቃው ላይ የተሰጠበትን ሰዓት ጻፉ። ከኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ተሰብስቦ ደሴ የሚነበብ ከሆነ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ይጓዝ፤ በረዶው ዕቃውን በቀጥታ እንዳይነካ መሃሉ ላይ ጨርቅ ወይም ካርቶን አድርጉ። የሁክዎርም እንቁላል በሙቀት ቶሎ ያድጋል፣ ከቆየም ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለ እንቁላል ደግሞ አይቆጠርም። ፎርማሊን የገባበት ሰገራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውሃ የሆነ ተቅማጥም አይሆንም፤ በቴምፕሌቱ ውስጥ ቅርጹን ይዞ አይቆምምና። እንዲህ ያለውን ናሙና መዝግባችሁ ሌላ ቀን ሌላ ናሙና ጠይቁ፣ ወይም በሌላ ዘዴ መርምሩ። በግምት አታስገቡት።

3. ስላይድ ከመሥራታችሁ በፊት አንባቢ ቁጠሩ። በጣም የሚዘለለው ይህ ነው። ሁክዎርም የሚነበበው ሴሎፌኑ ከተጫነ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። አንድ አንባቢ አንድን ስላይድ በጥንቃቄ ለማየት 8 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ተሠርተው ከተደረደሩ ስላይዶች መካከል በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊያያቸው የሚችለው ሦስት ብቻ፣ ቢበዛ አራት ነው። ሃያ ስላይድ በአንድ ትንፋሽ ከሠራችሁ አሥራ ስድስቱ ሰዓታቸው ያልፋል። ስለዚህ አሠራሩን ገልብጡት፦ ለአንድ ማይክሮስኮፕ በየ8 ደቂቃው አንድ ስላይድ ብቻ ይሠራ። ሁለት አንባቢ ካለ በየ8 ደቂቃው ሁለት። የመጀመሪያው ስላይድ 30 ደቂቃ ሲሞላው ንባብ ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ ሠሪውም አንባቢውም በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ። ሠሪው ቀልጣፋ በመሆኑ መመስገን የለበትም፤ ይቀመጥና ይጠብቅ።

4. በስላይዱ ጫፍ ላይ መለያውን ጻፉ፤ ከአንድ ሰገራ ሁለት ስላይድ ስለሚሠራ «ሀ» እና «ለ» በሉት። ሴሎፌኑ የሚጫንበትን ሰዓት የምትጽፉበት ቦታም አስቀሩ።

5. ሰገራውን አጣሩ። ትንሽ ሰገራ ጋዜጣ ላይ አድርጉና ወንፊቱን ከላይ ጫኑት። ሰገራው በወንፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ሲወጣ የወጣውን በስፓቱላ ሰብስቡ። ከላይ አድርጎ ወደ ታች መጭመቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ጭረቱና የእህል ገለባው አብሮ ይቀላቀላል። ገለባ ከገባ ቴምፕሌቱን ስትጠርጉ ይጎትትና ከሰገራው ላይ ቦርቡሮ ይወስዳል፤ ኋላም ስሚሩ እኩል አይሳሳም። ከአንድ ጥግ ብቻ አትውሰዱ። እንቁላል በሰገራ ውስጥ እኩል አይሰራጭምና ከተለያየ ቦታ ወስዳችሁ አጣሩ።

6. ቴምፕሌቱን ሙሉ። ይህን ቀስ ብላችሁ አድርጉት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ቀዳዳ ላይ ነው። ቴምፕሌቱን ስላይዱ መሃል አስቀምጡ፣ በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙት። የተጣራውን ሰገራ ከቀዳዳው አንድ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ሌላው እየገፋችሁ አስገቡ። ከመሃል ብትጀምሩ አየር ከታች ይታፈናል፤ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ከሥር ግን ባዶ አለ። ሲሞላ ስፓቱላውን በቴምፕሌቱ ፊት ላይ አጋድማችሁ አንዴ ጥረጉ። ፊቱ ከቴምፕሌቱ ጋር እኩል ይሁን፤ ጉብታም ጉድጓድም አይኑረው። ከዚያ ቴምፕሌቱን ሳታወዛውዙ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ስላይዱ ላይ የቆመው ሰገራ የትንሽ ከበሮ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። በቀዳዳው ግድግዳ ላይ የቀረ ሰገራ ካያችሁ ስላይዱን ጣሉትና እንደገና ሥሩ። ቴምፕሌቱ የሚለካው መጠን እንጂ ክብደት አይደለም፤ ቀዳዳው ሩብ ያህል ከጎደለ ቁጥሩም ሩብ ይጎድላል፣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ስታዩት ግን ምንም ምልክት አይሰጣችሁም።

7. ሴሎፌኑን አልብሱና ጫኑ። ሴሎፌኑን ከውህዱ አውጥታችሁ ጠብታው እስኪያልቅ ያዙት፣ በሰገራው ላይ አድርጉ፣ ከላዩ የቀረውን ግሊሰሪን በሶፍት አድርቁ። ስላይዱን ገልብጣችሁ በሌላ ንጹሕ ስላይድ ወይም በለስላሳ ሴራሚክ ላይ በአውራ ጣታችሁ እኩል ጫኑ። ሰገራው ክብ ሆኖ ይስፋ፣ ግን ከሴሎፌኑ ጠርዝ አይውጣ። ከወጣ የወጣው አይቆጠርም፣ ስለዚህ ይደገም። ስታነሱት ወደ ላይ አትላቅቁት፤ ሴሎፌኑ ተነስቶ አየር ይገባል። ወደ ጎን እያንሸራተታችሁ አላቁት። አሁን ስላይዱን ጋዜጣ ላይ አስቀምጡትና በስሚሩ ውስጥ ፊደሉን ለማንበብ ሞክሩ። ከተነበበ ውፍረቱ ልክ ነው። ሰዓቱን በዚያው ቅጽበት ስላይዱ ላይ ጻፉ።

8. አስቀምጡት፣ ሴሎፌኑ ወደ ላይ ይሁን። ደሴና ኮምቦልቻ እዚህ ላይ ይለያያሉ። በኮምቦልቻ ቀትር መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ስላይድ ገና 30 ደቂቃ ሳይሞላው ጥርት ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። በደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ብርዱ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ፣ ያው ስላይድ በ40 ደቂቃም ደብዘዝ ይላል። ያኔ ብዙ ሰው ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ለቢልሃርዝያ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ማሞቁ ችግር የለውም። ሁክዎርም የምትቆጥሩ ከሆነ ግን ሰገራውን ያጠራው ሙቀት እንቁላሉንም ያጠፋዋል። የሚሻለው የማይክሮስኮፑን ብርሃን ጨምሮ በሰዓቱ ማንበብ ነው።

9. የመጀመሪያ ንባብ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፦ ሁክዎርም። በ10 ኦብጀክቲቭ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ እንደ ማረሻ ፈር፣ እየሄዳችሁ እየተመለሳችሁ ስሚሩን በሙሉ እዩ። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ትንሽ ይንካ። የተጠራጠራችሁትን በ40 አረጋግጡ። የሁክዎርም እንቁላል ሞላላ ነው፣ ቅርፊቱ እንደ ቀጭን ክር ነው፣ ውስጡ የተከፋፈሉ ሴሎች አሉ፣ በሴሎቹና በቅርፊቱ መካከልም ጥርት ያለ ክፍት ቦታ ይታያል። ሰዓቱ ሲያልፍ መጀመሪያ ውስጡ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ባዶ ቀለበት ይመስላል፣ በመጨረሻም ከአየር አረፋ መለየት ያቅታል። ባዶ ቀለበት ማየት ከጀመራችሁ ዘግይታችኋል ማለት ነው። ሌሎቹንም እንቁላሎች አሁን ቁጠሩ፣ ግን በእርሳስ ጻፉ።

10. ሁለተኛ ንባብ፣ በማግስቱ፦ ቢልሃርዝያ፣ ወስፋት፣ ትሪኩሪስ። ጀርባው ይበልጥ ስለሚጠራ ትላንት ከጭረት ሥር የተደበቀው ይወጣል። የአንጀት ቢልሃርዝያ እንቁላል ትልቅ ነው፣ በጎኑ እሾህ አለው። እሾሁ ከሥር ከሆነ ላይታይ ይችላል፤ ትኩረቱን ከፍና ዝቅ አድርጉ፣ ካልሆነም ሴሎፌኑን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፣ እንቁላሉ ይገለበጣል። የዚህን ቀን የሁክዎርም ቁጥር መዝገብ ላይ አታስገቡ።

11. አስሉ። የሁለቱን ስላይዶች አማካይ በ24 አባዙ፤ 41.7 ሚሊግራም በ24 ሲባዛ 1 ግራም ገደማ ይሆናልና። ቴምፕሌታችሁ 50 ሚሊግራም ከሆነ የሚባዛው በ20 ነው። አዲስ ካርቶን በተከፈተ ቁጥር የቴምፕሌቱን መጠን አንብቡ።

12. ቴምፕሌትና ወንፊት ለሌላ ሰው ከመዋላቸው በፊት በሳሙና ተነክረው በብሩሽ ይታጠቡ፣ በደንብ ይለቅለቁ፣ ይድረቁ። በረኪና ጀርሙን ቢገድልም በወንፊቱ የተሰነቀረውን እንቁላል ከቦታው አያነሳውም፤ የሚያነሳው ብሩሹ ነው። የአንዱ ልጅ እንቁላል በሌላው ስም የሚመዘገበው በዚህ በኩል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰገራው ምንም አልተገደለም፣ ትኩስ ነው፤ ከትል ሌላ የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችም ይኖሩታል። ጓንት ያደረገ እጅ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ፣ እስክሪብቶውንና ስልኩን አይንካ። ማላካይት ግሪን ቆዳና ልብስ ላይ ይቀራል፣ ዱቄቱም ለጤና ጥሩ አይደለም፤ ስትቀላቅሉ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ።

አንድ ናሙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አሠራሩ እንዲታያችሁ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ኮምቦልቻ ውስጥ ቦርከና ወንዝ አጠገብ የሚማር ልጅ፣ መለያው ኮ-17፣ ሰገራ የሰጠው ከጠዋቱ 2፡40 ነው። በበረዶ ሳጥን ደሴ ደረሰ። ስላይድ ሀ 4፡00 ተጫነ፣ ስላይድ ለ 4፡08። ሀ በ4፡35 ሲነበብ ሁክዎርም 11፣ ቢልሃርዝያ 6። ለ በ4፡43 ሲነበብ ሁክዎርም 8፣ ቢልሃርዝያ 9። በማግስቱ ሁለቱም እንደገና ታዩ፦ ቢልሃርዝያ በሀ 7፣ በለ 10 ሆነ፤ ሁክዎርም በሀ 0፣ በለ 1።

መዝገቡ የሚገባው ሁክዎርም ከመጀመሪያው ንባብ፣ ቢልሃርዝያ ከሁለተኛው ነው። ሁክዎርም፦ የ11 እና የ8 አማካይ 9.5፣ በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም 228 እንቁላል። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል እስከ 1,999 ድረስ ቀላል ስለሆነ ይህ ቀላል ነው። ቢልሃርዝያ፦ የ7 እና የ10 አማካይ 8.5፣ በ24 ሲባዛ 204። ለቢልሃርዝያ ከ1 እስከ 99 ቀላል፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ ከ400 ጀምሮ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይህ ልጅ መካከለኛ ላይ ነው።

አሁን ያንኑ ልጅ ስህተት ውስጥ እናስገባው። ሁክዎርም በማግስቱ ብቻ ቢነበብ ውጤቱ 12 ይሆናል፤ ስላይድ ሀ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ «የለም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ቴምፕሌቱ 41.7 ሆኖ በ20 ቢባዛ ቢልሃርዝያው 170 ይሆናል። ክፍሉ አልተቀየረም፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው። ድንበር ላይ ያለ ልጅ ቢሆን ደግሞ ክፍሉም ይቀየራል፦ ሁለቱ ስላይዶች 4 እና 4 ቢሆኑ 96፣ ቀላል፤ 4 እና 5 ቢሆኑ 108፣ መካከለኛ። የአንድ እንቁላል ልዩነት ነው። የፈሩን ጫፍ ሳታዩ እንዳትዘሉ የምወተውተው ለዚህ ነው።

በዚህ ዘዴ የምትጽፉት ትንሹ ቁጥር ከአንድ ስላይድ 24፣ ከሁለት ስላይድ 12 ነው። ከዚያ በታች ያለው ትል ለካቶ ካትዝ አይታይም። ስለዚህ «እንቁላል አልታየም» ብላችሁ ጻፉ፤ «ትል የለበትም» አትበሉ። ጥርጣሬ ካለ በሌላ ቀን የሚሰጥ ሰገራ ከዚያው ሰገራ ከሚሠራ ሦስተኛ ስላይድ ይበልጣል፤ የሚወጣው እንቁላል ከቀን ቀን ይለያያልና። የሁክዎርሙን ዝርያም በእንቁላሉ መለየት አይቻልም፤ «ሁክዎርም» ብላችሁ ተዉት።

ስህተቱን ከመዝገቡ ላይ ማወቅ

ብዙዎቹ ስህተቶች ማይክሮስኮፕ ላይ አይታዩም፤ መዝገብ ላይ ግን አሻራ ይተዋሉ። ይህን የተማርኩት በራሴ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ሆነን ከኮምቦልቻ የመጡ አርባ ዕቃዎችን ተረከብን። «መጀመሪያ ስላይዱን ሁሉ ሠርተን እንገላገል» አልኩ። ሠራን፣ ምሳ በላን፣ ከዚያ ማንበብ ጀመርን። ወስፋቱ አለ፣ ቢልሃርዝያው አለ፣ የሁክዎርም ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነበር። መዝገቡን ዘግቼው ነበር። እንደገና ከፍቼ ሳየው ግን አንድም ሁክዎርም የሌለበት ዓምድ አላምን አለኝ። ከበረዶ ሳጥኑ ሦስት ዕቃ አውጥቼ እንደ አዲስ ሠራሁና በ35 ደቂቃ አየኋቸው። በሁለቱ ላይ ሁክዎርም ነበር። የቀሩት ሠላሳ ሰባት ልጆች ውጤት ለሁክዎርም ዋጋ እንደሌለው ለበላዬ ነገርኩ፤ እንደገና ሰገራ ተሰበሰበ።

ስለዚህ በቀኑ መጨረሻ እነዚህን ፈልጉ፦

- ሁክዎርም በመጀመሪያዎቹ መለያዎች ላይ ኖሮ ወደ ታች እየሳሳ ከሄደ፣ ስላይዶቹ ሰዓታቸው አልፎ ነው የተነበቡት። «የተጫነበት» እና «የተነበበበት» ሰዓት አጠገብ ለአጠገብ ከተጻፈ ይህን ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።
- አንድ አንባቢ የሚጽፋቸው ሀ እና ለ ሁልጊዜ እኩል ከሆኑ፣ ለ አልተነበበም፣ ከሀ ተገልብጧል። እውነተኛ ስላይዶች ይለያያሉ።
- ሀ እና ለ በጣም ከተራራቁ፣ ለምሳሌ 3 እና 41፣ መጀመሪያ የቴምፕሌቱን አሞላልና የሰገራውን አቀላቀል ጠርጥሩ።
- ብዙ እንቁላል ካለው ናሙና ቀጥለው የመጡት ሁለት ሦስት ናሙናዎች ከዚያው ዓይነት ጥቂት ጥቂት ካሳዩ፣ የወንፊቱን አጥበት ፈትሹ።
- በአንድ ግራም የተጻፈ ቁጥር ለ12 የማይካፈል ከሆነ፣ ስሌቱ ተሳስቷል። ሁለት ስላይድ በ24 ሲባዛ ሁልጊዜ የ12 ብዜት ነው የሚሰጠው። (50 ሚሊግራም ቴምፕሌት ለሚጠቀም የ10 ብዜት ነው።)

ከየአሥሩ ስላይድ አንዱን ሌላ ሰው የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ይድገመው። ቁጥሩ እስከ 100 እንቁላል ሆኖ ልዩነቱ ከ10 ከበለጠ፣ ወይም ቁጥሩ ከ100 በላይ ሆኖ ልዩነቱ ከ20 በመቶ ካለፈ፣ ሁለቱም አብረው ተቀምጠው ሦስተኛ ጊዜ ያንብቡት። የሁክዎርም ድጋሚ ንባብ ግን በዚያችው አንድ ሰዓት ውስጥ ካልሆነ አታድርጉት፤ ሁለተኛው አንባቢ የሚያገኘው ልዩነት የመጀመሪያው አንባቢ ስህተት ሳይሆን የግሊሰሪኑ ሥራ ይሆናል።